«ጉድ!!» ከሚለው ተምኔል ወደ እንጀራው አይን፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

የእቴቴን የዩቲዩብ ቻናል ተምኔል፣ ማለትም ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየውን ምስል፣ እና ርዕስ እኔ እንድይዘው ተስማማን። እሷ ሜሪላንድ ነው ያለችው፣ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ለተቸገሩ ሰዎች ነው የምትሠራው፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ምስሉን አዘጋጅላታለሁ። መጀመሪያ የምንነካው አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው፣ እንጀራ ለምን አይን እንደሚያጣ የምታሳይበት የ11 ደቂቃው። ይዘቱ ምንም እንከን አይወጣለትም። ሦስት ምክንያት ነው የምትለው፦ አብሲቱ ከገባ በኋላ ሊጡ ተመልሶ ሳይነሳ መጋገር፣ ሊጥ መወፈር፣ እና ምጣዱ በደንብ ሳይግል መጀመር። ሦስቱንም እየጋገረች ታሳያለች፣ የተበላሸውንም ጭምር።

ርዕሱ ግን «ጉድ!! ይሄን ሳታዩ እንጀራ እንዳትጋግሩ» ነው። ተምኔሉን ድሮ ሌላ ልጅ ነው የሠራላት፣ እቴቴ ጭንቅላቷን ይዛ፣ ቀይ ቀስት፣ ከምጣዱ ላይ የሚትጎለጎል ጭስ። ቪዲዮው ውስጥ ጭስ የሚባል ነገር የለም እኮ።

እቀይረዋለሁ ስላት አልወደደችውም። «ሰው እየገባልኝ አይደል እንዴ፣ ምን አስነካህ?» አለች። የዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብቼ ሳየው እውነቷን ነው፣ የዚህ ቪዲዮ ሲቲአር፣ ማለትም ተምኔሉ ከታየው ውስጥ ከመቶ ስንቱ ተነክቶ እንደተገባ፣ ከሌሎቹ ቪዲዮዎቿ ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ «ክሊክቤይት ነው፣ መጥፎ ነው» ብዬ ብቻ ላሳምናት አልችልም፣ ቁጥሩን ማሳየት አለብኝ።

ማክሰኞ

ሪቴንሽኑን ከፈትኩት፣ ቪዲዮው እየሄደ ስንት ሰው እንደቀረ የሚያሳየውን። መስመሩ ገና ከመጀመሪያው እንደ ገደል ነው የሚወርደው፣ ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ከግማሽ በላይ ሰው ወጥቷል፣ ከዛ በኋላ የቀረው ግን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ እስከ መጨረሻው የሚያይ ሰው ብዙ ነው። ይሄ ቅርፅ ብዙ ይናገራል። ቪዲዮው ራሱ አሰልቺ ቢሆን ኖሮ መስመሩ እየተንሸራተተ ሁሉም ቦታ ላይ ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ላይ ብቻ ተሰብሮ ከዛ ከተረጋጋ ችግሩ ሰው ይዞት የመጣው ነገርና በር ላይ ያገኘው ነገር አለመገናኘቱ ነው። ጭስና ጉድ ፈልጎ የመጣ ሰው ሎጎ፣ ዘፈን፣ «እንደምን ናችሁ ውድ ቤተሰቦቼ» እና ሰብስክራይብ አድርጉ ሲያገኝ ይወጣል በቃ።

ኮሜንቱ ላይም አለ። «የቱ ነው ጉዱ?» የሚል ሦስት አራት ቦታ አየሁ።

ለእቴቴ በስልክ ሂሳብ ሠራሁላት (ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው እንጂ የእሷ አይደሉም)። ተምኔሉ 1,000 ጊዜ ታየ እንበል። በጉዱ ተምኔል 90 ሰው ገብቶ በአማካይ ደቂቃ ተኩል ቢያይ 135 ደቂቃ ነው። ረጋ ባለው ተምኔል 60 ሰው ብቻ ገብቶ 4 ደቂቃ ቢያይ ግን 240 ደቂቃ። ክሊኩ በሲሶ ቀንሶ የታየው ጊዜ ሊያጥፍ ትንሽ ነው የቀረው። ዩቲዩብ ከ2012 ጀምሮ ቪዲዮ ሲመርጥ ከቪው ቁጥር ይልቅ ሰው የቆየበትን ጊዜ ማየት ጀምሯል፣ ምክንያቱም ያኔ ሰው እያታለለ የሚያስገባው ነው ላይ ላይ የሚወጣው የነበረው። ስለዚህ እኔ የምከታተለው ሲቲአርን ለብቻው ሳይሆን ተምኔሉ አንዴ ሲታይ ስንት ደቂቃ እንደሚያመጣ ነው። ይሄን የሚል ዝግጁ ቁጥር ስቱዲዮ አይሰጥህም ግን ማካፈል ነው፣ ተምኔሉ አንዴ መታየቱ ኢምፕሬሽን፣ ሰው የቆየበት ጊዜ ዋች ታይም ይባላል፣ ከኢምፕሬሽን የመጣውን ዋች ታይም ለኢምፕሬሽኑ ቁጥር ታካፍላለህ።

«እሺ ሞክረው፣ ግን የድሮውን እንዳታጠፋው» አለች። አስቀምጨዋለሁ።

ረቡዕ

ሲቲአር ላይ ሰው ብዙ ይደናገራል፣ እዚህ ጋ ትንሽ ላብራራ። ኢምፕሬሽን የሚቆጠረው ተምኔሉ ቢያንስ ግማሹ ስክሪን ላይ ወጥቶ ከ1 ሰከንድ በላይ ሲቆይ ነው። ቴሌግራም ላይ ሊንክ ተልኮለት የገባ ሰው ግን ኢምፕሬሽን ውስጥ የለም፣ ኖቲፊኬሽን ነክቶ የገባም እንደዛው። እቴቴ ደግሞ እያንዳንዱን ቪዲዮ የማኅበር ጓደኞቿ ግሩፕ ላይ ትለቀዋለች፣ እነሱ ወዳጅ ስለሆኑ ምንም ይሁን እስከ መጨረሻ ያያሉ። እነሱን ከሌላው ጋር ቀላቅዬ አማካይ ብወስድ ተምኔሉ ደህና ይመስለኛል። ስለዚህ ሰው ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ትራፊክ ሶርስ ውስጥ ገብቼ ሰርች፣ ሆም እና ሰጀስትድ የሚሉትን ለየብቻ ነው ያየሁት።

ልዩነቱ ግልፅ ነው። ከሰርች የመጣ ሰው ረጅም ያያል፣ እንጀራው አይን አላወጣ ብሎት ተናዶ የመጣ ሰው ነዋ፣ ሎጎውንም ዘፈኑንም ይታገሳል። ያ ሁሉ ሰው የሚፈሰው ከሆም ከመጣው ላይ ነው።

ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሹ ሲቲአራቸው ከ2 እስከ 10 ከመቶ መሀል ነው። ሰፊ ነው፣ ስለዚህ «የኔ 4 ነው፣ መጥፎ ነው ወይ?» ለሚለው መልስ የለውም። ደግሞ ቪዲዮው ለማያውቁህ ሰዎች መታየት ሲጀምር ሲቲአር መውረዱ የተለመደ ነው፣ ኢምፕሬሽን እየጨመረ ሲቲአር ቢወርድ ደንግጠህ ተምኔል አትቀይር።

ሐሙስ

ተምኔሉን ሳልነካ በፊት መግቢያውን ቆረጥኩት። የወጣ ቪዲዮ ላይ አዲስ ቀረፃ መጨመር አይቻልም ግን የስቱዲዮው ኤዲተር ውስጥ መቁረጥ ይቻላል፣ ሊንኩም ቪውውም ኮሜንቱም እንዳለ ይቀጥላል፣ ካልወደድከው ወደ ድሮው ትመልሰዋለህ። ሎጎው ዘፈኑና ሰላምታው ሄደ። አሁን ቪዲዮው የሚጀምረው እቴቴ አክንባሎውን አንስታ ልሙጥ እንጀራ ስታወጣና «ይኸው፣ አንድም አይን የለውም፣ ለምን መሰላችሁ» ስትል ነው። ድሮም እዛው ነበር እኮ ይሄ፣ ከሰላምታው ኋላ ተቀብሮ።

ሰላምታው በመቆረጡ ቅር አላት። «ሰው ቤት ገብቶ ዝም ይባላል?» ነው ያለችው። መሀል ላይ ሊጡ እስኪነሳ ስትጠብቅ ሰላም የምትልበት አለ፣ እሱ ይቆይልሽ ብያታለሁ።

ኤዲቱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ሰዓታት ይፈጃል፣ እስከዛ ድረስ የድሮው ነው የሚታየው። ከዛም ተምኔሉን ወዲያው አልቀየርኩም። ሁለቱን ባንዴ ብቀይር ለውጡን መግቢያው ያምጣው ተምኔሉ ያምጣው በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ መግቢያው ብቻውን ይታይ።

ቅዳሜ

ፎቶ። እቴቴ መጀመሪያ የላከችልኝ ከእንጀራ ቤት የተገዛ እንጀራ ፎቶ ነበር፣ አይኑ ጥቅጥቅ ያለ፣ በጣም የሚያምር። «የኔ እንደዚህ አይታይም፣ ይሄን አድርገው» አለችኝ። አልሆነም። ተምኔሉ ላይ የሚወጣው እንጀራ ቪዲዮው ውስጥ ከምጣዱ የወጣው መሆን አለበት፣ ሰው ያንን እንጀራ ልታስጋግሪኝ ነው ብሎ ገብቶ ሌላ ሲያይ ገና 4ኛው ደቂቃ ላይ ያውቅብሻል አልኳት። እኔ የማደርገው ብርሃኑን ማስተካከልና መቁረጥ ነው፣ ኮንትራስት መጨመርም ችግር የለውም፣ ግን አይን ኮፒ አድርጎ የሌለበት ቦታ መለጠፍ አይሆንም።

የሷ እንጀራ «እንደዚህ የማይታየው» እንጀራው ስላነሰ አይደለም፣ ፎቶው በፍላሽ ከፊት ለፊት ስለተነሳ ነው። ፍላሽ ጥላውን ሁሉ ያጠፋዋል፣ የእንጀራ አይን ደግሞ የሚታየው በጥላው ነው። መስኮት ጋ አስቀምጪው፣ መብራቱን አጥፊ፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ይምጣበት አልኳት። በዚያው እንጀራ ያነሳችው ሁለተኛው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ አይን ለብቻው ይቆጠራል። ነጭ ጤፍ ስለሆነ ሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አስደረግኳት፣ ነጭ ሰሃን ላይ ሲሆን እንጀራው ከሰሃኑ አይለይም።

ሙሉ እንጀራ ፍሬሙ ውስጥ ሳስገባው ደግሞ አይኑ ጠፋ። ስልክ ላይ ተምኔሉ የአውራ ጣት ያህል ነው፣ ክብ ነጭ ነገር ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ ከልሙጡ ሩቡን፣ ካይናማው ሩቡን ቆርጬ ጎን ለጎን አስጠጋኋቸው፣ ሙሉ ክብነቱ ባይታይም የሀበሻ ሰው እንጀራ መሆኑን አይስተውም።

እሁድ

ፊደል። ይሄ የኛ ብቻ ጣጣ ነው፣ የውጭ ሰዎች የሚያስተምሩት ቪዲዮ ላይ አታገኘውም። የእንግሊዝኛ ፊደል ሲያንስም ቅርፁ ይያዛል፣ የኛ ግን ልዩነቱ ያለው እግሩ ላይ ያለች ትንሽ ቅጥያ ውስጥ ነው። ጠ እና ጣ፣ ለ እና ሉ እና ሊ ሲያንሱ አንድ ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ያለው ኒያላ ፎንት ለጽሑፍ ያምራል ግን ቀጭን ነው፣ ተምኔል ላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው ታዲያ ቦልድ የሚለውን ይጫናል፣ ፎንቱ የራሱ ወፍራም ከሌለው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ዙሪያውን ያወፍረዋል፣ ያኔ ቅጥያውና የፊደሉ ቀዳዳ ይደፈናል። መጀመሪያውኑ ወፍራም ሆኖ የተሳለ ፎንት ነው የሚያስፈልገው፣ እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በብላክ ውፍረቱ ነው የተጠቀምኩት፣ በነፃ የሚገኝ ነው።

ጽሑፉ ሁለት ቃል ነው፣ «አይን የለውም?»፣ ልሙጡ እንጀራ ላይ። መጀመሪያ «እንጀራ ለምን አይን ያጣል» ብዬ ሞክሬው ነበር ግን እሱ ርዕሱ ላይ ስላለ ሁለቴ ማለት ነው፣ ቦታ ማባከን። ምስሉ ችግሩን ያሳይ፣ ርዕሱ ምን እንደምናደርግለት ይናገር። የቀኝ ታችኛው ጥግ ባዶ ነው፣ እዛ ላይ የቪዲዮው ርዝመት ይለጠፍበታል፣ ለጀመረው ሰው ደግሞ ግርጌው ላይ ቀይ መስመር ይመጣል፣ ስለዚህ ታች ምንም ጽሑፍ የለም።

1280 በ720 አድርጌ ከጨረስኩ በኋላ ወደ 160 ፒክስል ስፋት አሳንሼ፣ ከሌሎች የምግብ ቪዲዮ ተምኔሎች መሀል ለጥፌ፣ በርካሽ ስልክ ደጅ ፀሐይ ላይ አየሁት። «የለውም» የሚለው ይነበባል። የጥያቄ ምልክቱ ደብዝዟል፣ አተለቅኩት፣ ያለ እሱ የእቴቴ እንጀራ ላይ ስም ማጥፋት ይመስላል።

ሰኞ፣ ርዕሱ

ርዕስ እስከ 100 ፊደል ይፈቀዳል ግን ስልክ ላይ ከሁለት መስመር በላይ አይታይም፣ ቀሪው በነጥብ ይቆረጣል። አማርኛ ደግሞ ግሱን መጨረሻ ነው የሚያመጣው፣ ስለዚህ የተለመደ ዓረፍተ ነገር ከጻፍክ የሚቆረጠው ዋናው ነገር ነው። እቴቴ የጻፈችልኝ «አሜሪካ ሆነን በኤሌክትሪክ ምጣድ በቤታችን ስንጋግር እንጀራችን ለምን አይን አያወጣም» ነበር፣ ስልክ ላይ «እንጀራችን ለምን...» ብሎ ያልቃል። ገለበጥኩት፦

«እንጀራ አይን የሚያጣበት 3 ምክንያት | በኤሌክትሪክ ምጣድ»

እንጀራና አይን ከፊት። «3» ያልኩት በእውነት ሦስት ስለሆነ ነው፣ ሰው እየቆጠረ ነው የሚያየው። «ዓይን» ሳይሆን «አይን» ያልኩት ሰርች ላይ ሰው የሚጽፈው እንደዛ ስለሆነ ነው፣ ዲስክሪፕሽኑ ላይ በሁለቱም አጻጻፍ አስገባሁት፣ በላቲን ፊደል የሚጽፉትንም አልረሳሁም።

«በኤሌክትሪክ ምጣድ» የምትለዋ ላይ ተከራከርን። እቴቴ «በእንጨት የሚጋግረው አይገባልኝም ማለት ነው» አለች። አዎ፣ አይገባም፣ ለዛ ነው ያስገባኋት። ሦስተኛው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ሙቀት ነው፣ በእንጨት የሚጋግር ሰው እዛ ሲደርስ ይወጣል። ክሊክ የምትቀንስ ቃል ትክክለኛውን ሰው ካስቀረች ዋጋዋን ትመልሳለች። ወሬ ለሚያወራ ቻናል ይሄ ምክር አይሠራ ይሆናል፣ ለሙያ ቪዲዮ ግን ይሠራል።

«ጉድ!!» ስለሚለውም አነሳችልኝ፣ ሁሉም ሰው ይጽፈው የለ ወይ ብላ። ይጽፋል። ዩቲዩብም የማይሰጠውን ቃል የሚገባ ርዕስና ተምኔልን መከልከሉን ፖሊሲው ላይ አስቀምጦታል፣ በዲሴምበር 2024 ህንድ ውስጥ በተለይ ዜና ላይ እንደዚህ የሚያደርጉትን ቪዲዮ ማጥፋት እንደሚጀምር አሳውቆ ነበር። የእንጀራ ቪዲዮ እዛ ድረስ አያደርስም። የኔ ጉዳይ ያ የገደሉ መስመር ነው።

ማክሰኞ፣ ቴስቱ ተጀመረ

መግቢያው ከተቆረጠ በኋላ ገደሉ ትንሽ ቀለል ብሏል፣ አሁንም ግን አለ። ይሄ የሚጠበቅ ነው፣ ጭሱ ተምኔል ላይ እስካለ ድረስ ጭስ ፈላጊው ይመጣል።

ስቱዲዮ በኮምፒውተር ስትገባ ለአንድ ቪዲዮ እስከ 3 ተምኔል አስገብተህ ማወዳደር ትችላለህ፣ ዩቲዩብ ለተለያየ ሰው የተለያየውን ያሳያል። የምወደው ነገር ምን መሰለህ፣ አሸናፊውን የሚመርጠው በክሊክ አይደለም፣ በዋች ታይም ድርሻ ነው። የኔን ሂሳብ ራሱ ይሠራልኛል ማለት ነው።

የገቡት ሦስቱ፦ አንደኛው ሁለቱ ሩብ እንጀራዎች። ሁለተኛው የእቴቴ ፊት፣ ከድሮው ግን ጭሱና ቀስቱ ወጥቶ ልሙጡን እንጀራ ይዛ (ፊት መጥፎ ነው ብዬ አላምንም፣ የሚያውቋት ሰዎች የሚፈልጉት እሷን ነው)። ሦስተኛው ሊጥ ከማንቆርቆሪያው ሲወርድ። ይሄ ሦስተኛው ከራሴ የመጣ ሐሳብ አይደለም፣ ከሪቴንሽኑ መስመር ነው። መሀል ላይ መስመሩ ወደ ላይ ጉብ የሚልበት ቦታ አለ፣ ሰው ወደ ኋላ መልሶ ያየበት ማለት ነው፣ ገብቼ ሳየው እቴቴ የሊጡን ቅጥነት ከፍ አድርጋ እያፈሰሰች የምታሳይበት ነው። ሰው ደጋግሞ የሚያየው ነገር ተምኔል ላይ ቢወጣ አይገርምም።

ርዕሱ ቴስቱ እስኪያልቅ አይነካም።

አርብ

እቴቴ በየቀኑ ነው የምትደውለው። ዛሬ «ቪው ቀንሷል» አለች። አዎ ትንሽ ቀንሷል። የቀን ቁጥር እንዳታይ ብያታለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ሰው የሚጋግርበት ነው፣ ማክሰኞን ከቅዳሜ ጋር ማወዳደር ዋጋ የለውም፣ ሳምንትን ከሳምንት ነው። ቴስቱ እስከ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ መሀል ላይ ብናቆመው የያዝነው ነገር ግምት ነው።

ቴስቱ ሲያልቅ

አሸናፊ የለም። ሁለቱ ሩብ እንጀራዎችና ሊጡ በጣም ተቀራርበዋል፣ ስቱዲዮው የሚለያቸው በቂ ነገር አላገኘም፣ ፊቱ ግን ከሁለቱም ወደ ኋላ ቀርቷል። ለትንሽ ቻናል ይሄ የተለመደ ነው፣ ኢምፕሬሽኑ ካልበዛ ትንሽ ልዩነት አይወጣም፣ ስለዚህ ሦስት የሚመሳሰሉ ተምኔሎች ማወዳደር ጊዜ ማጥፋት ነው፣ በሐሳብ የተለያዩ መሆን አለባቸው።

ከሁለቱ የመረጥኩት ሩብ እንጀራዎቹን ነው። ሊጡ ስለ ቅጥነት ብቻ ነው የሚናገረው፣ ከሦስቱ ምክንያት አንዱን፣ ቪዲዮው ደግሞ በልሙጡ እንጀራ ነው የሚጀምረው፣ ሰው ተምኔሉ ላይ ያየውን ያንኑ እንጀራ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያገኘዋል። ሲቲአሩ ከጉዱ ጊዜ በታች ነው። ሠላሳ ሰከንድ ላይ የሚቀረው ሰው ግን አሁን ከግማሽ በላይ ነው፣ አንድ ኢምፕሬሽን የሚያመጣው ደቂቃም ጨምሯል፣ ከሆም የመጣው ሰው ከሰርቹ ጋር ባይስተካከልም ተጠግቶታል። ኮሜንቱም ተቀየረ፣ «የቱ ነው ጉዱ» ቀርቶ «የኔ አብሲት ከገባ በኋላ ስንት ሰዓት ልጠብቅ» ሆኗል። ለእቴቴ ከቁጥሩ ይልቅ ያሳመናት እሱ ነው፣ ቁጭ ብላ ስትመልስ አመሸች።

ሁለቱን ለውጦች ለየብቻ ስላደረግናቸው ከገደሉ የትኛው ምን ያህል እንደቀነሰ በግምት መናገር ይቻላል፦ መግቢያው ጥቂቱን፣ ተምኔሉ አብዛኛውን።

ቀጣዩ የሽሮ ቪዲዮ ነው፣ እሱ ገና አልተቀረፀም። ርዕሱን ከቀረፃው በፊት ጽፌ ልኬላታለሁ፣ «ሽሮ እንዳይጓጉል» በሚል ይጀምራል። የተጓጎለውን ሽሮ እንዳትደፋው፣ መስኮት ጋ ወስዳ ከጎን በሚመጣ ብርሃን እንድታነሳልኝ፣ ቪዲዮውንም በሱ እንድትጀምር ተነጋግረናል። ሰላምታው ላይ ገና አልተስማማንም።